«ብለዋል»ን ያወረደው እጅ

ሙህዲን ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሱቁ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ቅመም ሻጮቹን አልፎ ጣቃ አቡጀዲ የሚደረደርበት መስመር ላይ ነው። የተወለደው ስልጤ አገር ነው። ጺሙ ሳያበቅል ወሎ ገብቶ፣ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው እየዞረ አሥራ አንድ ዓመት ኪታብ ሲቀራ፣ ሃይማኖቱን ሲማር ኖሯል። ዐረብኛውንም ጥሩ አማርኛውንም ያገኘው እዚያ ነው። መርካቶ ገብቶ ሜትር ከጨበጠ ወዲህ ግን «የተማረ ሰው ነው» እየተባለ ደብዳቤ ከማንበብ ያለፈ ሥራ አልገጠመውም።

በ1958 ዓ.ም. ሸኽ ይመር አስጠሩት።

ሸኽ ይመር ወሎ ሳለ ያስተማሩት ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። በዚያ ዓመት ስለ ሚዛንና ስለ ስፍር በዐረብኛ ያሰሙት የጁምዓ ስብከት፣ ኹጥባው፣ መርካቶን አነጋግሮ ነበር። ያነጋገረው ግን ሰው ስለገባው አልነበረም። «ሚዛን» የምትለዋን ቃል ብቻ የሰማ ነጋዴ ሁሉ «ስለ እኛ ምን ተባለ?» እያለ ሲጠያየቅ ሰነበተ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ኹጥባው በአማርኛ ተተርጉሞ በትንሽ መጽሐፍ ይታተም አሉ።

«አንተ ትተረጉመዋለህ» አሉት ሸኹ።

«እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ሸኻችን።»

«እኔ ያስተማርኩህ ጨርቅ አልነበረም። ስማኝ። የአላህን ቃል ከእኔ ቃል፣ የእኔን ካንተ እንዳትደባልቅብኝ። የቁርኣኑ አንቀጽ፣ አያው፣ መጀመሪያ በዐረብኛው ይቀመጥ። አማርኛው ከሥሩ ‹ትርጉሙ› ተብሎ ይግባ። ቁርኣኑ ዐረብኛው ነው፤ ያንተ አማርኛ ቁርኣን አይደለም። ለአንባቢ እንዲገባ ብለህ አንዲት ቃል ብትጨምር እንኳ በቅንፍ እሰራት፣ ያንተ መሆኗ ይታወቅ።»

የሙህዲን እንቅልፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቃወሰ። በዚያን ጊዜ ተደግፎ የሚጽፍበት የታተመ የአማርኛ ቁርኣን በእጁ አልነበረም። ሱቁን ከዘጋ በኋላ ይቀመጥና አንዱን አያ አሥር ጊዜ ይጽፋል፣ አሥር ጊዜ ይሰርዛል። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ቆረጠ፤ «ሚዛን ለሚያጎድሉ ወዮላቸው። እነርሱ ከሰዎች ሲያሰፍሩ (ለራሳቸው) አስሞልተው ይወስዳሉ። ለሰዎች ሲሰፍሩ ወይም ሲመዝኑ ግን (ከሐቃቸው) ያጎድላሉ።» «ለራሳቸው» እና «ከሐቃቸው» የሚሉት በዐረብኛው በግልጽ ስላልተጻፉ በቅንፍ አሰራቸው።

አነጋገሩ ሌላ ፈተና ነበር። ለአላህ ሁልጊዜ «ይላል» ነው። አላህ አንድ ነውና አንቱታ አይሰጠውም፤ አንቱታው ራሱ ብዛት አለበት። ለነቢዩ ደግሞ «ብለዋል» ነው፤ ስማቸው በተጠራ ቁጥርም «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» የሚለው ሰለዋት ይከተላል። ይህን ማንም ሙስሊም ያውቀዋል። ቢያውቀውም ሃያ አራት ገጽ ሙሉ አላህንና ነቢዩን፣ አያውንና ሐዲሱን እያፈራረቀ ሲጽፍ እጁ ዛለ።

ማተሚያ ቤቱ የአቶ ዱባለ ነበር። ወደ ጭድ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ አንድ የማተሚያ መኪና ብቻ ያላት ቤት ናት። የዐረብኛ ፊደል ስለሌላት የሸኹ የእጅ ጽሑፍ በዚንክ ላይ ተቀርጾ ክሊሼ የሚሉት የማተሚያ ሰሌዳ ተሠራ። የአማርኛውን ፊደል የሚለቅመው ወልደሚካኤል የሚባል ከጎጃም የመጣ ሽማግሌ ነበር። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት የዋለ፣ ዲቁና የተቀበለ ሰው ነው። አንገቱ ላይ የጠቆረ ማዕተብ አለ። ከሳጥኑ ፊደል እያነሳ ሲደረድር ከንፈሩ አያርፍም፤ ዳዊት ይደግማል።

ሙህዲን ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ከበደው። የሱቅ ጎረቤቱ አብደላ ደግሞ ይባስ አከበደው።

«የሸኻችንን ኹጥባ ለደብተራ ሰጠኸው?» አለው አብደላ፣ ሻሹን እያጠፈ።

«ፊደል ለቃሚው እሱ ነው። ምን ላድርግ?»

«ዓይንህን ከላዩ አትንቀል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

ሙህዲን በየቀኑ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ማተሚያ ቤቱን ይጎበኝ ጀመር። ሰበቡ ክሊሼው እንዳይገለበጥ ነበር፤ ለቃሚው ዐረብኛ ስለማያነብ ላይና ታቹን አይለይም። እውነተኛው ምክንያት ግን የሰውዬውን እጅ ለማየት ነው። በሦስተኛው ቀን አየ። ወልደሚካኤል የሙህዲንን የእጅ ጽሑፍ ከፊቱ ዘርግቶ በቀይ እርሳስ ያሰምራል። ጠጋ ብሎ አጮለቀ። የተሰመረው ሌላ ቦታ ሳይሆን «አላህ» በሚለው ስም ሥር ነበር። በየገጹ፣ በየመሥመሩ፣ አንድም ሳይቀር። «ነቢዩ» በሚለውም ሥር እንደዚያው።

«ይህ ምንድን ነው፣ አባቴ?»

ወልደሚካኤል ቀና ሳይል «ለራሴ ነው» አለ።

ሙህዲን ይህቺን መልስ ተሸክሟት ወጣ። ቀይ የሚሰመረው በስህተት ላይ ነው። ወይም ደግሞ ለሌላ ሰው በሚታይ ነገር ላይ ነው። ለአብደላ ሲነግረው አብደላ ሁለተኛውን መረጠ።

«ለራሴ አለህ? ምልክት የሚያደርግ ሰው የሚያሳየው ሰው አለው። ነገ አንዱ ጆሮ ጠቢ ያን ወረቀት ይዞ ‹ይህ ምን ማለት ነው› ቢልህ ማን ሊመልስ ነው?»

ሙህዲን በዚያ ሰሞን ከሱቁ ፊት ሁለት ጊዜ ያለፈ ኮት ለባሽ ሁሉ የተላከበት ይመስለው ጀመር። ደንበኛ ጨርቅ ሲዳስስ ዓይኑን ያያል እንጂ ጣቱን አያይም።

የመጀመሪያው የእርማት ወረቀት በሐሙስ ቀን ደረሰው። ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ። ሸኹ የጠቀሱት የታወቀው ሐዲስ ነው፤ ነቢዩ በገበያ ውስጥ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ሲያስገቡ ጣታቸው ርጥበት ያገኘበት። እሱ የጻፈው «‹ያታለለ ከእኔ አይደለም› ብለዋል» ብሎ ነበር። የታተመው ግን «‹ያታለለ ከእኔ አይደለም› ብሏል» ይላል። «እጃቸውን አስገቡ» ያለው «እጁን አስገባ» ሆኗል። ገለጠ። ሁሉም እንደዚያ ነው። «መጡ»፣ «መጣ»። «ጠየቁ»፣ «ጠየቀ»። ከአያው ትርጉም ውስጥም ቅንፎቹ በሙሉ ወጥተዋል፤ «ለራሳቸው» እና «ከሐቃቸው» ከአላህ ቃል ጋር ተዋሕደው ቁጭ ብለዋል።

«አየኸው?» አለ አብደላ ከትከሻው በላይ እያነበበ። «ነቢያችንን አንተ አላቸው!»

ሙህዲን ወልደሚካኤልን አልጠየቀም። በቀጥታ ወደ አቶ ዱባለ ቢሮ ገብቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ሠራተኛዎ ነቢያችንን ሰድቧል። ቁርኣናችንንም በርዟል።»

አቶ ዱባለ ሃይማኖት ነክ ጠብ ከእሳት ይልቅ የሚያስፈራው ሰው ነበር። ግማሽ ደንበኛው ሙስሊም ነው። ሳያጣራ ወልደሚካኤልን ጠርቶ «ጉዳዩ እስኪበርድ ቤትህ ተቀመጥ» አለው። ሽማግሌው ሙህዲንን አንድ ጊዜ አየው፤ ሽርጡን ፈታ፤ ምንም ሳይናገር ወጣ። ሙህዲን ዝምታውን እንደ ኑዛዜ ቆጠረው። በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ወሬው ከመስጊዱ በር እስከ ምን አለሽ ተራ ደርሶ ነበር፤ ከሙህዲን አፍ የወጣው «ሰደበ» እዚያ ሲደርስ «ቁርኣን ቀደደ» ሆኗል።

ቅዳሜ ማታ እርማቱን ሊሠራ ተቀመጠ። ሚስቱ ሰዓደት ፊደል ያወቀች ናት፤ ድምፅዋም ጥሩ ነው። እሷ የእጅ ጽሑፉን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ የታተመው ላይ ይከተላል፤ የተለወጠውን ይመልሳል። ወደ አሥራ አንደኛው ገጽ ሲደርሱ ሰዓደት ቆም አለች።

«እዚህ ጋ ያንተ ላይ ‹ነቢዩ› ብለህ ዝም ነው ያልከው። ሰለዋት የለም።»

«እዚህ አለ» አለ ሙህዲን፣ የታተመው ላይ ጣቱን አሳርፎ። «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም። አለ።»

«ያንተ ላይ የለም እያልኩህ ነው።»

ቀምቷት አየ። እውነት ነው፤ ረስቶታል። የታተመው ላይ ግን ሙሉው አለ። ተመልሰው ከመጀመሪያው ቆጠሩ። እስከዚያ ገጽ ድረስ ስማቸው በተጠራበት ሁሉ ሰለዋቱ አንድም አልጎደለም፤ እሱ በረሳባቸው ሁለት ቦታዎችም ተጨምሯል።

«የሚሳደብ ሰው» አለች ሰዓደት ቀስ ብላ፣ «ሰለዋት ይጨምራል?»

ሙህዲን «ተንኮሉን ለመሸፈን ይሆናል» ሊል ፈለገ፤ አፉ ላይ ሲደርስ እሱኑ አሳፈረው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወልደሚካኤልን ጭድ ተራ ከሚገኝ ግቢ ውስጥ አገኘው። ሽማግሌው ከቅዳሴ ተመልሶ ነጠላውን እንደ ለበሰ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሙህዲንን ሲያይ አልተነሳም።

«ምን ቀረህ?» አለው። «ሥራዬን ወስደሃል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጥቼ ነው።»

«ሐሙስ ብትጠይቀኝ ደግ ነበር።»

ሙህዲን የእጅ ጽሑፉን ከብብቱ አወጣ። «ነቢያችንን ለምን ከአንቱታ አወረዷቸው?»

«አወረድኩ?» ወልደሚካኤል እንደ መሳቅ አለ። «እኔ በተማርኩበት ቤት ነቢይ አንቱ አይባልም። ‹ዳዊት እንዲህ አለ›፣ ‹ኢሳይያስ እንዲህ አለ› ነው። ጌታንም ‹እንዲህ አለ› ነው የምንለው። አንቱ የሚባለው ባላባትና ጳጳስ ነው። ቅዱስን አንተ ስትለው ዝቅ አታደርገውም። እንዲያ ነው የሚጠራው።»

«ግን እኔ ‹ብለዋል› ብዬ ጽፌ ሰጠሁዎ! ጽሑፉ የእኔ ነው።»

«እሱን ልንገርህ።» ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። «ገጽ አሥራ ዘጠኝን ግለጥ። ከታች ሦስተኛው መሥመር። አንብበው።»

ሙህዲን ገለጠ። የገዛ እጅ ጽሑፉ ነው። ሐዲሱን ጨርሶ ወደ አያ የተሻገረበት ቦታ ላይ፣ በዚያ በዛለ እጁ፣ እንዲህ ተጽፏል፤ «የላቀው አላህም እንዲህ ብለዋል»።

አንብቦ ሊያምን አልቻለም፤ መልሶ አነበበ። አላህን አብዝቷል። በየመሥመሩ «አንድ ነው» እያለ፣ እዚህ ጋ አብዝቷል። በታተመው ላይ «ይላል» ተብሎ ተስተካክሎ ስለነበር፣ ትላንትና ሰዓደትም ከአሥራ አንደኛው ገጽ አልፋ ስላላነበበች፣ አላየውም።

«መልቀም ከመጀመሬ በፊት እስከ መጨረሻው አነበብኩት» አለ ወልደሚካኤል። «እሱን ባየሁ ጊዜ ‹ይህ ሰው አንቱታውን ዝም ብሎ ይበትነዋል› አልኩ። ፈጣሪን አብዝቶ ካየሁት በኋላ የነቢዩን እንዴት ልመነው? ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ ላድርገው ብዬ ወደ አንድ አመጣሁት። ቅንፉንም እንደዚያው። ከእግዚአብሔር ቃል መካከል የራሱን ቃል እየሰካ ነው ብዬ ጠረጠርኩህ። መጽሐፍ ላይ ይጨምራል አልኩ።»

«ቅንፉ እኮ የእኔ የሆነውን ለመለየት ነው። አንባቢው የአላህ ቃል እንዳይመስለው።»

ወልደሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። «ዘሩን ከትርጓሜው ለመለየት?»

«እንዴት?»

«እኛ ጋ የግዕዙ ንባብ ‹ዘር› ይባላል። መጀመሪያ እሱ ይነበባል። ትርጓሜው ከሥሩ ነው፣ አይቀላቀልም። የኔታ ዘሩን ከትርጓሜ ያደባለቀ ተማሪ ካገኙ ከጉባኤው ያስወጡት ነበር።» ጢሙን አሻሸ። «እና ቅንፏ ለዚያ ነች?»

«ለዚያ ነች።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ ያደባለቅኩት» አለ ሽማግሌው፤ ድምፁ ግን አልለሰለሰም። «ሳልጠይቅ እጄን ማስገባት አልነበረብኝም። አንተም ሳትጠይቅ መክሰስ አልነበረብህም።»

«ቀዩ መሥመርስ?»

«ቀዩ ምን ሆነ? የፈጣሪና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም አይደለም የሚጻፈው? በብራናው ሁሉ እንዲያ ነው። ማተሚያ ቤቱ ቀይ ባይኖረውም እጄ ስሙ ጋ ሲደርስ እንዲጠነቀቅ ብዬ አሰመርኩት።» ፊቱ ቅጭም አለ። «ለማን ላሳየው መሰለህ?»

ሙህዲን ያሰበውን አልነገረውም። ሽማግሌው ግን ከፊቱ ያነበበው ይመስላል፤ ነጠላውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋው።

ሙህዲን ከዚያ በቀጥታ ወደ ሸኽ ይመር ሄደ። ሁሉንም ነገራቸው፤ የአሥራ ዘጠነኛውን ገጽም ሳይደብቅ አነበበላቸው። ሸኹ «አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረን» አሉ።

«ያ ሰው ባያየው ኖሮ ይታተም ነበር» አሉ ቀጥለው። «በእኔ ስም።»

«አዎ፣ ሸኻችን።»

«ዐረብኛ ሳያውቅ የአላህን አንድነት ከአንተ የተሻለ ጠበቀው። የነቢዩን አንቱታ ደግሞ ልማዱን ስላልነገርከው አጠፋው። እሱን ይቅርታ ጠይቀሃል?»

«በሩን ዘጋብኝ።»

«ሰው ፊት ነው የከሰስከው፤ ሰው ፊት ጠይቀው።»

ሙህዲን የፈራው ይህን ነበር። «ለቃሚው አልተሳደበም» ብቻ ቢል ማንም አያምነውም፤ እንዴት ሆነ ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ «አላህን በአንቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ሊኖርበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ አጣ። ወረቀቱን አቃጥሎ ዝም ማለትም መጥቶለት ነበር። ግን ከእሱ ሌላ ያንን ገጽ ያየ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ጭድ ተራ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሰው ሳይበተን በመስጊዱ በር ላይ ቆሞ ተናገረ። አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ አንስቶ አነበበው። «ይህን የጻፍኩ እኔ ነኝ፣ ሙህዲን። ያረመው ያ የሰደብኩት ሰው ነው። ነቢዩን ያልሰደበውን ሰው ሰደበ ብያለሁ። ቁርኣንም አልተቀደደም» አለ።

አንዳንዱ «አላህ ይማርህ» አለው። ብዙው ጫማውን አድርጎ ሄደ። አብደላ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ተጠግቶ «ያ ደብተራ አስፈራርቶሃል?» ሲል ጠየቀው፣ ከልቡ።

«አላስፈራራኝም።»

«እንግዲያ ራስህ ‹ብለዋል› አልክ? ለአላህ?» አብደላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙህዲንን የሚያየው ሙህዲን ወልደሚካኤልን ባየበት ዓይን ነበር።

አቶ ዱባለ ለቃሚውን መልሶ ሲጠራው ወልደሚካኤል አልመጣም። ሙህዲን ሦስት ጊዜ ጭድ ተራ ተመላለሰ። በሦስተኛው ሽማግሌው «ይህችን መጽሐፍ ብቻ እጨርሳታለሁ። ከዚያ ሌላ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ» አለው። ይቅርታም ሰላምታም አልጨመረበትም።

ሁለቱ አምስት ቀን ጎን ለጎን ሠሩ። ወልደሚካኤል ይለቅማል፣ ሙህዲን ቆሞ ያነባል። የነቢዩ ግስ ሲመጣ ሽማግሌው እጁን ከሳጥኑ በላይ አንጠልጥሎ «አንቱ?» ይላል፤ ሙህዲን «አንቱ» ይላል። የአላህ ሲመጣ «አንድ?»፤ «አንድ»። ከቅንፍ ፊት ሲደርስ «ያንተ?» ይላል። «የእኔ» ይላል ሙህዲን። ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአራተኛው ቀን፣ ወልደሚካኤል ፊደል እያነሳ «ያ ርጥብ እህል» አለ፣ «ከላይ ደርቆ ከታች ርሶ ነበር?»

«አዎ። ዝናብ አገኘው ብሎ ነበር ነጋዴው።»

«እሳቸውስ ምን አሉት?»

«‹ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግከውም?› ብለዋል።»

ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

መጽሐፏ በረመዳን ዋዜማ ወጣች። ሸኽ ይመር በእጃቸው ዳሰሷት፤ ሰዓደት ከፊት እስከ ኋላ አንብባ አሰማቻቸው፤ አንዲት ስህተት አልተገኘባትም። ከመስጊዱ ጀርባ ባለው መስመር ብዙ ሱቅ ውስጥ ገባች። አብደላና ሁለት ባልንጀሮቹ ግን ከሙህዲን እጅ አልተቀበሉም፤ ከሸኹ ዘንድ ራሳቸው ሄደው ወሰዱ፣ እዚያም ቆመው አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ ገልጠው «ይላል» መሆኑን አዩ።